ፕሪሚየሩ በሰዓቱ ይጀምር ይሆን? አልጀምር ሲል ምክንያቱና መላው

ዩቲዩብ ላይ ፕሪሚየር ተብሎ ሰዓቱ ሲያልፍ ሰዉ መጀመሪያ የሚወቅሰው የቻናሉን ባለቤት ነው፣ ተኝቶ ነው፣ መብራት ጠፍቶበት ነው፣ ረስቶት ነው ምናምን። ግን ፕሪሚየር እኮ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ የሚለቀው ነገር አይደለም፤ ቪዲዮው ቀድሞ ተጭኖ አልቆ ዩቲዩብ ጋ ተቀምጧል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ዩቲዩብ ራሱ ይለቀዋል። ባለቤቱ ሰርግ ላይ እየጨፈረም ቢሆን ይጀምራል። ስለዚ ሰውየውን ከመርገማችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ችግር፦ ሰዓቱ አልፏል፣ ገጹ ላይ "Waiting for" እና የቻናሉ ስም ብቻ ይታያል

ይሄ ፕሪሚየር አይደለም፣ ላይቭ ነው። ብዙ ቻናሎች ፖስተራቸው ላይ «ፕሪሚየር» ብለው ይጽፉና የከፈቱት ግን ላይቭ ሆኖ ይገኛል። ላይቭ ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ማስጀመር አለበት፣ ካላስጀመረ ገጹ እዛው ቆሞ ይጠብቃል፣ አስር ደቂቃም ይሁን ሁለት ሰዓት።

ከቀን በፊት መለየት ለምትፈልጉ፣ ቪዲዮው ስር ያለውን ጽሁፍ አንብቡት። "Premieres" ከሚል ቃል ጋር ቀንና ሰዓት ወይም "Premieres in 3 hours" የሚል ነገር ካለ ፕሪሚየር ነው። "Scheduled for" ወይም "Live in" ካለ ላይቭ ነው። ፕሪሚየር ከሆነ በሰዓቱ የመጀመር ነገር ያስተማምናል፣ ላይቭ ከሆነ ግን የሰውየው ጸባይ ነው የሚወስነው፣ የድሮ ላይቮቹን አይታችሁ ትገምታላችሁ እንጂ ሌላ ማረጋገጫ የለውም። መፍትሄው መጠበቅ ብቻ ነው፣ ቻቱ ላይ የተለጠፈ መልእክት ካለ እሱን ማየት፣ ወይ ቴሌግራም ቻናሉን መክፈት። ብዙዎቹ መዘግየታቸውን መጀመሪያ የሚናገሩት ቴሌግራም ላይ ነው።

ችግር፦ ፖስተሩ ያለው ሰዓት ደርሷል፣ ገጹ ግን ገና ብዙ ሰዓት ይቀረዋል ይላል

እኛ ጋ በጣም የሚበዛው ይሄኛው ነው። ምክንያቱ መዘግየት ሳይሆን የሰዓት አቆጣጠር ነው፣ እና ልዩነቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ካያችሁ ማን እንደተሳሳተ ራሱ ይነግራችኋል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ቡሬ ያለ ልጅ አጭር ኮሜዲ ሰርቶ ፖስተሩ ላይ «ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት» ብሎ ለጠፈ እንበል። ፍኖተ ሰላም አንድ ጁስ ቤት ጓደኞቹ ቲቪው ላይ ከፍተው ተሰብስበዋል፣ 2 ሰዓት ሞላ፣ ገጹ "Premieres in 6 hours" ይላል። አንዱ ይደውልለታል፣ «ኧረ አንተ ሰውየ፣ የት ነህ? ሰው ሰብስበህ ጠፋህ እንዴ?» ልጁም «እኔ ምን አደረኩ፣ ሁለት ሰዓት ብየ ሞልቸዋለሁ» ይላል። አልዋሸም፣ 2:00 ብሎ ሞልቷል፣ ችግሩ ዩቲዩብ የኛን ሰዓት አያውቅም። 2:00 AM ብሎ ስለሞላው በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ፣ ለእሁድ አጥቢያ ማለት ነው። የኛ ማታ 2 ሰዓት ለዩቲዩብ 8:00 PM ነው። 2:00 PM ብሎ ሞልቶት ቢሆን ደሞ ቅዳሜ ቀን 8 ሰዓት ላይ ማንም ሳያየው አልፎ ነበር።

ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ከሆነ እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው፣ ደውላችሁ ንገሩት። ባለቤቱ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብቶ የቪዲዮውን visibility ከፍቶ ሰዓቱን ማስተካከል ይችላል፣ ሊንኩ አይቀየርም። ግን ቅርብ ሰዓት ላይ ሲያስተካክል ያለፈ ሰዓት መምረጥ ስለማይችል ትንሽ ወደፊት አድርጎ መሙላት አለበት። እዛ ጁስ ቤት ያሉት ሰዎች 2:20 ላይ ቢያዩት ምን ቸገራቸው።

ልዩነቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ከሆነ ቻናሉ ውጭ አገር ነው፣ በተለይ ዋሽንግተን። እነሱ ቅዳሜ 8:00 PM ሲሉ በራሳቸው ሰዓት ነው፣ እኛ ጋ በበጋቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል፣ ምክንያቱም እነሱ በፈረንጆች ማርች ላይ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፉታል፣ ከዛ በፈረንጆች ኖቬምበር መጀመሪያ እሁድ ይመልሱታል፣ እኛ ደሞ ዓመቱን ሙሉ ያው ነን። ስልካችሁ ላይ እሁድ 3:00 AM ብሎ ሲታይ «ቅዳሜ አላሉም እንዴ» ብላችሁ እሁድ ማታ እንዳትጠብቁ፤ ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቀይረው፣ እኛ ግን እስኪነጋ ቅዳሜ ሌሊት ነው የምንለው።

ገጹ ላይ የሚታየው ሰዓት በስልካችሁ የሰዓት ቀጠና ተቀይሮ የሚመጣ ስለሆነ ፖስተርና ገጽ ከተጣሉ ገጹን እመኑ። አንድ ነገር ብቻ፣ የስልካችሁ ሰዓት በእጅ የተሞላ ከሆነ (አንዳንድ ሰው ስልኩን በኛ አቆጣጠር ለማድረግ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል) ገጹም የተዛባ ሊያሳያችሁ ይችላል። ሴቲንግ ገብታችሁ ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉት፣ ከዛ ገጹን እንደገና ክፈቱ።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ጥርጣሬ ሳይኖር ማወቅ ይችላል። ገጹን ክፈቱና Ctrl+U ተጫኑ፣ በሚመጣው የጽሁፍ ጫካ ውስጥ በCtrl+F ይቺን ቃል ፈልጉ፣ `startTimestamp`። እንዲህ የሚመስል ታገኛላችሁ፦

```
"startTimestamp":"2025-06-14T23:00:00+00:00"
```

መጨረሻ ላይ ያለው +00:00 የግሪንዊች ሰዓት ነው ማለት ነው። 3 ስትደምሩበት የስልካችሁ ሰዓት፣ 3 ስትቀንሱበት የኛ ሰዓት ይመጣል። እዚህ 23 ሲቀነስ 3፣ 20፣ ከ12 ስለበለጠ 12 አውጡለት፣ 8 ሆነ። ከሌሊቱ 8 ማለት ነው፣ የቡሬው ልጅ ስህተት ይሄው። በትክክል ሞልቶት ቢሆን 17:00:00 ነበር የሚለው።

ችግር፦ ሰዓቱ በትክክል ደርሷል፣ ግን ሙዚቃና ቁጥር ብቻ ነው

ምንም ችግር የለም። ሰዓቱ ሲሞላ መጀመሪያ የሚመጣው የመቁጠሪያው ስክሪን ነው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ፣ ባለቤቱ ሌላ ከመረጠ ከአንድ እስከ ሶስት ደቂቃ። ከዛ ነው ቪዲዮው የሚገባው። ሶስት ደቂቃ አልፎም ስክሪኑ ዜሮ ላይ ደርቆ ከቀረ የናንተ ኔት ነው፣ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉት፣ አፑ ከሆነ ዘግታችሁ ክፈቱት። ሌላ ሰው ስልክ ላይ ከሄደ እናንተ ጋ ነው ችግሩ፣ ይሄን ለማወቅ ቻቱን ማየት ይበቃል፣ ሰዉ ስለ ቪዲዮው እያወራ ከሆነ ጀምሯል።

ችግር፦ ትናንት የነበረው ሰዓት ዛሬ ሌላ ሆኗል፣ ወይም ሊንኩ "Video unavailable" ይላል

አሁን ነው ባለቤቱ በእውነት የዘገየው። ሁለት አይነት ነው።

ሰዓቱ ብቻ ከተቀየረ ገፍቶታል። ሊንኩ ያው ስለሆነ የጫናችሁት የ"Notify me" ደወልም እዛው ነው፣ እንደገና መጫን አያስፈልግም፣ ከአዲሱ ሰዓት 30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ አንድ ጊዜ፣ ሲጀምር ደሞ አንድ ጊዜ ማሳወቂያ ይመጣል። ለዚህ ነው ማሳወቂያው ሳይመጣ ሰዓቱ ከደረሰ ገጹን ክፈቱ የምለው፣ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል።

ሊንኩ ከሞተ ወይም "This video is private" ካለ ግን አንስቶታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የድምጽ ወይም የኤዲቲንግ ስህተት በመጨረሻ ሰዓት መገኘቱ ነው፤ ዩቲዩብ አንዴ የተጫነን ፋይል በዛው ሊንክ በሌላ ፋይል ለመተካት አይፈቅድም፣ ስለዚ ሰውየው የተስተካከለውን እንደ አዲስ መጫን አለበት፣ አዲስ ሊንክ፣ አዲስ ገጽ። ያኔ የድሮው ደወላችሁ አብሮ ጠፍቷል። ቻናሉ ገጽ ገብታችሁ አዲሱን ፈልጉና "Notify me" የሚለውን እንደገና ተጫኑ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚዞረውን የድሮ ሊንክ ደሞ ተዉት።

ለባለቤቶቹም አንድ ነገር

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ሞጣ፣ «ፕሪሚየር አድርጌ መብራት ቢጠፋስ» ብላችሁ የምትጨነቁ አላችሁ። አፕሎዱ 100% ካለቀና ፕሮሰሲንጉም ካለቀ በኋላ መብራት ቢጠፋ፣ ኔት ቢጠፋ፣ ላፕቶፑ ቢዘጋ ምንም አይሆንም፣ ቻት ላይ መገኘት ነው የሚቀርባችሁ። አደገኛው ከዛ በፊት ያለው ነው። በኛ ኔት አንድ ትልቅ ፋይል ሌሊቱን ሙሉ ሊጎተት ይችላል፣ ከዛ ደሞ ዩቲዩብ መጀመሪያ ዝቅተኛውን ጥራት ነው የሚያዘጋጀው፣ ኤችዲው ቆይቶ ነው የሚመጣው። ፖስተር ከመለጠፋችሁ በፊት ጭናችሁ ጨርሱ፣ ቢቻል ከአንድ ቀን በፊት፣ ከዛ በሌላ ሰው ስልክ ሊንኩን ከፍታችሁ የሚታየውን ሰዓት አንብቡ። ፖስተሩ ላይም «ማታ 2 ሰዓት» ካላችሁ ጎኑ 8:00 PM ጨምሩበት፣ ውጭ ያለውም ዘመድ ያየዋል።

መግፋት ካስፈለጋችሁ ሰዓቱ ሳይደርስ ነው። አንዴ ከጀመረ ወደኋላ መመለስ የለም፣ ያላችሁ ምርጫ ፕራይቬት ማድረግ ወይ ማጥፋት ብቻ ነው፣ ያኔ እያየ ያለው ሰው ሁሉ መሀል ላይ ይቋረጥበታል። ትንሽ ስህተት ከሆነ በበኩሌ ዝም ብሎ ማሳለፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዘግይታችሁ የገባችሁት እናንተ ከሆናችሁ

ፕሪሚየሩ እየሄደ ከገባችሁ ሌላው ሰው ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚጥላችሁ። ቀዩን መስመር ወደኋላ ጎትታችሁ ከመጀመሪያው ማየት ትችላላችሁ፣ ወደፊት መዝለል ግን ሰዉ ከደረሰበት በላይ አይሄድም። ካለቀ በኋላ ደሞ "Premiered" ብሎ እንደማንኛውም ቪዲዮ እዛው ሊንክ ላይ ይቀራል፣ ባለቤቱ ካልዘጋው ቻቱም አብሮ ይታያል፣ ስለዚ የሌሊት 9 ሰዓቱን ጠዋት ከቡና ጋር ብታዩት የሚቀርባችሁ ነገር የለም።