የአኒሜሽን ማስታወቂያ የደንበኛ አስተያየት ማለቂያ እንዳያጣ

በሰከንድ 25 ፍሬም የሚሰራ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ 750 ፍሬም አለው። ደንበኛው የሚያየው ግን 30 ሰከንዱን ብቻ ስለሆነ «ትንሽ ነገር ናት እኮ» ይላል። ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ከጀርባ ያለው ስራ አይታየውም።

1. መጀመሪያ ስራውን በደረጃ ከፋፍላችሁ እያንዳንዱን በኢሜይል አስጸድቁ። ስክሪፕት፣ ስቶሪቦርድ፣ የገጸ ባህሪና የቀለም ዲዛይን፣ አኒማቲክ፣ ከዚያ አኒሜሽን። ዋናው መቆለፊያ አኒማቲኩ ነው። የስቶሪቦርዱ ስዕሎች በትክክለኛ ርዝመታቸው ከጊዜያዊ ድምፅ ጋር ተደርድረው የሚታዩበት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ አንድ ትዕይንት ማውጣት የደቂቃዎች ስራ ነው። ችግሩ ደንበኞች ሻካራ ስዕል ሲያዩ «እሺ፣ ቀጥሉ» ብለው በቸልታ ያልፉታል። ስለዚህ ስትልኩት «ከዚህ በኋላ ንግግሩና ርዝመቱ አይቀየሩም» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

2. ለእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት የአስተያየት ዙር ይበቃል፣ ውሉ ላይ ይግባ። አንድ ዙር ማለት ከአንድ ሰው የመጣ አንድ ዝርዝር ነው። የማርኬቲንጉ ሰው «ቀዩ ይድመቅ»፣ አለቃው «ቀዩ ይጥፋ» ካሉ እርስ በርስ ተስማምተው ይምጡ፣ ዳኛ አትሁኑ። እያንዳንዱ አስተያየት ሰከንድ ይኑረው፦ «0:12 ላይ እጁ ሎጎውን ይሸፍናል»። «ትንሽ ሕይወት ይጎድለዋል» ከተባላችሁ የትኛው ትዕይንት እንደሆነ ሳትጠይቁ ምንም አትንኩ።

3. ፋይሉን `AD30_ANIM_v03.mp4` ብላችሁ ሰይሙ። «የመጨረሻ» የሚል ስም አትስጡ፣ ነገ «የመጨረሻ የመጨረሻ» ይመጣል። ቁጥሩን ቪዲዮው ጥግ ላይም ጻፉት፣ ምክንያቱም በቻት ሲተላለፍ የፋይል ስም ሊቀየር ይችላልና ደንበኛው የድሮውን እያየ አስተያየት ሊሰጥ ይችላል።

4. ዝርዝሩ ሲመጣ ለሁለት ክፈሉት። ከጸደቀው ጋር የማይመሳሰል ነገር ስህተት ነው፣ በነጻ ታስተካክሉታላችሁ። የጸደቀውን የሚቀይር ደግሞ አዲስ ስራ ነው።

ለምሳሌ አኒሜሽኑ አልቆ ደንበኛው ገጸ ባህሪዋ ስለ ቅናሹ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጨምር ፈለገ እንበል። ሁለት ሰከንድ ናት፣ 50 ፍሬም። ግን ማስታወቂያው ከ30 ሰከንድ ማለፍ ስለማይችል ሁለቱ ሰከንድ ከሌላ ትዕይንት መቆረጥ አለባቸው። ድምፅ ሰጪዋ ስቱዲዮ ትመለሳለች፣ የአፍ እንቅስቃሴው እንደገና ይሰራል፣ ሙዚቃውም ከአዲሱ ቁርጥ ጋር ይስተካከላል።

«አይሆንም» አትበሉ፣ «በነጻ እናደርገዋለን»ም አትበሉ። ሁለት ምርጫ ላኩ፦ ቅናሹን እንደ ጽሑፍ መጨረሻው ስክሪን ላይ ማስገባት፣ ግማሽ ቀን፤ ወይም በድምፅ ማስገባት፣ አራት ቀን ከነተጨማሪ ክፍያው፣ የማስረከቢያው ቀንም በዚያው ልክ ይገፋል። ብዙዎቹ ዋጋውን ሲያዩ ጽሑፉን ይመርጣሉ። የጽሑፍ መልስ እስኪመጣ ግን ያንን ትዕይንት አትንኩት፣ የቀሩትን እርማቶች ቀጥሉ።