ካልሲየም ፍሎራይድ ስንት ይሟሟል? የጋራ አዮን ሲገባስ?

ደሴ ላይ ለማትሪክ የሚዘጋጁ ልጆችን ኬሚስትሪ ሳስጠና አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ቲቸር፣ የሶዲየም ፍሎራይዱ 0.010ም በሁለት ይባዛል?» መልሱ እንዲገባን ካልሲየም ፍሎራይድን ከመጀመሪያው እንስራው።

መጀመሪያ በንጹህ ውሃ። ጨው ሲሟሟ እንዲህ ይለያያል፦

CaF₂ ⇌ Ca²⁺ + 2F⁻

በ1 ሊትር ውስጥ የሚሟሟውን የሞል መጠን s እንበለው። ካልሲየሙ s ይሆናል፣ ፍሎራይዱ ደግሞ 2s።

Ksp = [Ca²⁺][F⁻]² = s(2s)² = 4s³

Ksp 3.9 × 10⁻¹¹ ነው እንበል። መጽሐፍ ከመጽሐፍ ትንሽ ይለያያል፤ ጥያቄው የሰጣችሁን ውሰዱ። ለ4 አካፍላችሁ ኩብ ሩቱን ስታወጡ s = 2.1 × 10⁻⁴ ሞል በሊትር ይመጣል። ወደ 17 ሚሊግራም መሆኑ ነው።

አሁን ውሃው ውስጥ አስቀድሞ 0.010 ሞላር ሶዲየም ፍሎራይድ አለ እንበል። ልጆቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። NaF ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ አንዱ ሞል የሚሰጠውም አንድ ሞል ፍሎራይድ ብቻ ነው። ስለዚህ 0.010 በሁለት አይባዛም። በሁለት የሚባዛው ከCaF₂ የሚመጣው s ብቻ ነው።

Ksp = s(0.010 + 2s)²

2s ከ0.010 አጠገብ ኢምንት ስለሆነ እንተወው። ያኔ s = 3.9 × 10⁻¹¹ ÷ 0.00010 = 3.9 × 10⁻⁷ ይሆናል። ከንጹህ ውሃው ከ500 እጥፍ በላይ ቀነሰ። መተዋችን ልክ ነበር ወይ? 2s = 7.8 × 10⁻⁷ ነው፤ ከ0.010 ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ፣ እኔ ግን የምወደው ነገር አለ። በNaF ፋንታ 0.010 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ብንጨምርስ? የጋራው አዮን አሁን ካልሲየም ነው።

0.010 × (2s)² = 3.9 × 10⁻¹¹

s = 3.1 × 10⁻⁵። የቀነሰው ወደ 7 እጥፍ ብቻ ነው! የጨመርነው ያው 0.010 ነው፤ ግን በቀመሩ ውስጥ ስኩዌር ላይ የተቀመጠው ፍሎራይድ እንጂ ካልሲየም አይደለም።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ሶዲየም ፍሎራይዱ 0.00010 ሞላር ብቻ ቢሆንና 2sን ዝም ብላችሁ ብትተዉት s = 3.9 × 10⁻³ ይወጣል። ይሄ ከንጹህ ውሃው መልስ ይበልጣል! የጋራ አዮን ሟሚነትን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ መተዋችሁ ስህተት ነበር ማለት ነው። 2sን ሳትተዉ የተለያዩ ቁጥሮችን በs ቦታ እያስገባችሁ ሞክሩ። 1.8 × 10⁻⁴ አካባቢ ይገጥማል።

ቁጥሮቹ ሁሉ የ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ናቸው። ላብራቶሪ ገብታችሁ ብትለኩ የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት አንድ ዓይነት መልስ አይሰጧችሁም። ውሃው አሲድ ከሆነ ደግሞ ፍሎራይዱ ከፊሉ ወደ HF ስለሚቀየር፣ ከዚህ ስሌት የበለጠ ጨው ይሟሟል።