ተመልሶ የመጣ ኢሜይል ሁሉ አይሰረዝም

ካዛንቺስ ካለችው ቢሯችን በየወሩ የስልጠና ማስታወቂያ በኢሜይል እንልካለን። በላክን ቁጥር ተመላሹ አይጣል ነው። አንድ በአንድ ከማንበብ ጂሜይል መፈለጊያ ላይ ይህን ጻፉ፦

```
from:mailer-daemon "5.1.1"
```

5.1.1 ኢሜይሉ ለምን እንደተመለሰ የሚናገር ኮድ ነው፤ በዚህ ፍለጋ የሚወጡት የሌሉ አድራሻዎች ናቸው። መጀመሪያ ከምዝገባ ወረቀቱ ጋር አስተያዩ፤ እኛ አንዱን ስንገለብጥ u የነበረውን v አድርገነው ተገኘ። የአገለባበጥ ስህተት ካልሆነ ወዲያው ከመላኪያ ዝርዝሩ አውጡ። የሌለ አድራሻ ላይ ደጋግሞ የሚልክን ሰው ተቀባዩ ሰርቨር ዝርዝር ገዝቶ የሚበትን አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያ ለእውነተኛው ደንበኛ የላካችሁትም ስፓም ውስጥ ይገባል።

በ4 የሚጀምር ኮድ ጊዜያዊ ችግር ነው፤ ተዉት። በሦስት ተከታታይ ወር ከተመለሰ ግን አውጡት።

«ፈቃድ ላይ ነኝ» የሚል ምላሽ መልእክታችሁ መድረሱን ነው የሚያሳየው፤ አትንኩት። «ከመሥሪያ ቤቱ ለቅቄያለሁ፣ እገሌን አነጋግሩ» ካለ የለቀቀውን አውጡ። እገሌን ግን ሳትጠይቁ አታስገቡ፤ ስፓም ብሎ ከጠቆመባችሁ ከተመላሹ የባሰ ይጎዳል።

ኮዱ 5.7.1 ከሆነ አድራሻውን አትሰርዙ። አብዛኛውን ጊዜ የታገዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ ኢሜይሉ በእውነት ከእናንተ መላኩን የሚያረጋግጡትን የዶሜይናችሁን ኤስፒኤፍ እና ዲኪም አስፈትሹ።