ረጅም የፑል ሪኩዌስት ውይይት ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ስናሳጥር የምንሰራቸው ስህተቶች

ደሴ ቁጭ ብለን ኮምቦልቻ ላለ ሌሊትም ለሚሰራ ፋርማሲ የሽያጭ ሲስተም እየሰራን ነበር፣ እና የሽያጩ ቀን ዳታቤዝ ውስጥ እንዴት ይቀመጥ የሚለው ፑል ሪኩዌስት 86 ኮመንት ደረሰ። አንዷ ባልደረባችን ለቅሶ ሄዳ ሳምንት ቆይታ ስትመለስ "እስቲ ያለበትን በአጭሩ ጻፍልኝ፣ ሚኒባስ ላይ አነበዋለሁ" አለችኝ። ሀረጎን እየወጣች በስልክ የምታነበው ነገር ነው እንግዲህ። የላክሁላት ጽሁፍ ግን አሳሳታት፣ እና የት የት ላይ እንደተበላሸ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ከኮመንት አንድ ጀምሮ መተረክ ነው። ውይይቱ በጊዜ ቅደም ተከተል ስለተደረደረ እጃችንም እንደዛው ይጽፋል፣ መጀመሪያ እገሌ እንዲህ አለ፣ ከዛ እገሌ ተቃወመ እያልን። እኔም የጀመርኩት "ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀመጥ ተብሎ ነበር" ብዬ ነው፣ እሷ ደግሞ ሁለት መስመር አንብባ ኔትወርክ ሲቆራረጥባት የያዘችው ያንን የተጣለ ሀሳብ ነው። መጀመሪያ መምጣት ያለበት አሁን ያለበት ነው፣ ምን ተወሰነ ምን ቀረ፣ ታሪኩ ካስፈለገ ከታች።

ሁለተኛው ውሳኔውን ጽፎ ምክንያቱን መተው። "ሰዓቱ በ`timestamptz` ይቀመጣል" ብቻ ካልን ዘግይቶ የገባው ሰው "ለምን በኛ አቆጣጠር አይሆንም?" ብሎ ያለቀውን ክርክር እንደ አዲስ ይከፍተዋል፣ አይፈረድበትምም። ምክንያቱ እኮ አንድ አረፍተ ነገር ነው፦ ፖስትግሬስ `2015-13-06` የሚል ቀን አይቀበልም፣ 13ኛ ወር አያውቅምና ጳጉሜ ላይ ሽያጭ መመዝገብ አይቻልም። ስለዚህ በፈረንጅ ተቀምጦ ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ ወደኛ ይቀየራል። የተጣለ ሀሳብ ሁሉ መጻፍ የለበትም፣ ሰው ተመልሶ ሊያነሳው የሚችለው ብቻ።

ሶስተኛው፣ እኛን ያስከፈለን እሱ ነው፣ Resolved የሚለውን አይቶ "ተፈቷል" ብሎ መጻፍ። ጊትሃብ ላይ ያቺን በተን የፑል ሪኩዌስቱ ባለቤት ራሱ መጫን ይችላል፣ ስትጫን ውይይቱ ይታጠፋል እንጂ ኮዱ ተስተካክሎ እንደሆነ ማንም አያረጋግጥም። Outdated የሚለውም እንደዛው ነው፣ መስመሩ ተቀይሯል ማለት እንጂ ጥያቄው ተመልሷል ማለት አይደለም። የኛ ጉዳይ እንዲህ ነበር፦ አንዱ ሪቪወር "ከሌሊቱ 7:30 የተሸጠ መድኃኒት በየትኛው ቀን ይገባል?" ብሎ ጠየቀ። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ስለዚህ ያ ሽያጭ በዩቲሲ 22:30 ነው፣ ቀኑም ገና ትናንት ነው። መጀመሪያ ወደ `Africa/Addis_Ababa` ሳይቀየር ቀኑ ከተወሰደ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለው ሽያጭ በሙሉ ወደ ትናንት ይሄዳል፣ ፋርማሲው ደግሞ ሂሳቡን የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የጻፈው ልጅ "በሚቀጥለው አስተካክላለሁ" ብሎ ዘጋው። እኔ የታጠፈውን ሳልከፍት "የሌሊቱም ጉዳይ ተፈቷል" ብዬ ጻፍኩ፣ እሷም አምናኝ መርጅ አደረገችው፣ ከዛ የገንዘብ ያዧ ሂሳብ ከሪፖርቱ ጋር አልገጥም አለ። የታጠፈ ውይይት መከፈት አለበት፣ የመጨረሻው መልስ "በኋላ" ወይ "በሌላ ፒአር" ካለ ያ ነገር ክፍት ነው፣ ተስተካክሏል ካለ ደግሞ የትኛው ኮሚት ላይ እንደሆነ ማየት ነው።

አፕሩቫልም እንዲሁ ነው። ሴቲንጉ ላይ ካልተከለከለ በቀር አዲስ ኮድ ፑሽ ሲደረግ የድሮው አረንጓዴ ምልክት ባለበት ይቆያል፣ ስለዚህ "ሁለት ሰው አጽድቋል" ከማለት በፊት ካጸደቁ በኋላ ምን እንደተጨመረ ይታይ፦

```
git log --oneline 7c2e41b..a3f9c1e
```

የመጀመሪያው የጸደቀው ኮሚት፣ ሁለተኛው የመጨረሻው ነው። የሆነ ነገር ካወጣ ያንን ያጸደቀው ሰው የለም ማለት ነው።

የመጨረሻው፣ ከሰውየው ምን እንደሚጠበቅ አለመንገር። አንብባ "እሺ፣ እና እኔ ምን ላድርግ?" ካለች ጽሁፉ አላለቀም።

አሁን ብሆን የምልክላት ይሄን ነበር፦

"እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ። ፒአር 142 ገና መርጅ አይደረግም፣ ይሄ እስከ `a3f9c1e` ያለው ነው። ተወስኗል፦ ሰዓቱ በ`timestamptz` ይቀመጣል፣ ወደኛ ቀን የሚቀየረው ሲታይ ነው፣ ዳታቤዙ ጳጉሜን ስለማይቀበል። ክፍት፦ ከሌሊት 6 እስከ 9 ያለው ሽያጭ በትናንት ይገባል፣ ውይይቱ ተዘግቷል ግን ኮዱ አልተነካም። ሁለቱ አፕሩቫሎች ከመጨረሻዎቹ ሶስት ኮሚቶች በፊት ናቸው። ካንቺ የምፈልገው፦ የሌሊቱ እዚሁ ይስተካከል ወይስ በሌላ ፒአር፣ ዛሬ ወስኚልን።"