ጎመኑ ለምን አመድ መሰለ? ለምንስ መረረ?

ማጠቡንና መልቀሙን ታውቁታላችሁ፤ እሱን አልደግምም። ቀጥታ ደጋግሞ ወደሚያጋጥመኝ ችግር ልግባ።

ምልክት፦ ሲገባ አረንጓዴ፣ ሲወጣ ግራጫ

ከ10 የተበላሸ ጎመን 9ኙ ላይ የማየው ይሄንን ነው። ሰው ወዲያው ነጋዴውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የክዳኑ ነው።

ለቅጠሉ አረንጓዴነት የሚሰጠው ክሎሮፊል መሃሉ ላይ ማግኒዚየም አለው። ቅጠሉ ሲሞቅ ከውስጡ አሲድ ይለቀቃል። አሲዱ ማግኒዚየሙን ያስወጣና ቀለሙ ወደ ግራጫ ይዞራል። ከአሲዱ ከፊሉ ከእንፋሎቱ ጋር መውጣት ይችል ነበር። ክዳን ካለ ግን ተመልሶ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ውሃው ትንሽ ሲሆን ደግሞ አሲዱ የሚቀጥንበት የለም። በዚህ ሁኔታ ግራጫ ለመሆን ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል።

አንዲት ጓደኛዬ እንግዳ ጠርታ 2 ኪሎ ጎመን በአንድ ድስት አስገባች። ውሃው ሁለት ብርጭቆ ቢሆን ነው። ቶሎ ይብሰል ብላ ከደነችው። ስደርስ ከላይ ያለው ገና ጥሬ ነው፣ ከታች ያለው የከሰል አመድ መስሏል። «ሎሚ ልጭመቅበት?» አለችኝ። እጇን ያዝኳት! ሎሚ አሲድ ነው፤ ገና እሳት ላይ እያለ ከገባ የቀረውንም ይጨርሰዋል። ቲማቲምና ኮምጣጤም እንደዚያው ናቸው። ግራጫ የሆነውን መመለስ አይቻልም። እሱን ለብቻ አድርገን የቀረውን 1 ኪሎ እንደገና ጀመርን።

እንዲህ አደረግን። 5 ሊትር ውሃ ተንተክትኮ እስኪፈላ ጠበቅን። 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨመርን። ጎመኑን ለ4 ከፍለን አንዱን ብቻ፣ ቅጠሉን ሳንከትፍ፣ ከተትን። ክዳን የለም። ውሃው በ1 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ካልፈላ ያስገባችሁት በዝቷል ማለት ነው። ከ4 ደቂቃ በኋላ አንድ ቅጠል አውጥተን በጣት ቆንጠጥ አደረግነው፤ ሳይጎተት ተበጠሰ፣ ደርሷል። ወዲያው በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርነው። ይህን ውሃ ቀድማችሁ አዘጋጁ! ማጥለያ ላይ ተከምሮ የተቀመጠ ጎመን በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላልና እዚያው ይጠቁራል። እንደቀዘቀዘ ጨምቀን ከተፍነው። ቁሌቱ ውስጥ 3 ደቂቃ ብቻ አገላበጥነው። ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ፣ ሊበላ ሲል ገባ።

ያረጀና ወፍራም ቅጠል ከሆነ 4 ደቂቃ አይበቃውም፤ እስከ 10 ሊሄድ ይችላል። ያኔ ቀለሙ ትንሽ መደብዘዙ አይቀርም። እኔ ከሚያኝኩት ገመድ የደበዘዘውን እመርጣለሁ። መሃሉ ላይ ያለውን ወፍራም አገዳ ግን ለይታችሁ 2 ደቂቃ አስቀድሙት። አገዳው እስኪበስል ብላችሁ ቅጠሉን አትግደሉት።

ሶዳ የሚጨምሩ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። አዎ፣ አረንጓዴነቱን ይይዘዋል። ግን ቅጠሉን ያላሽቀዋል፣ ቫይታሚን ሲውንም ያጠፋል። ክዳን ማንሳት ለሚፈታው ነገር ሶዳ ምን ያደርጋል?

ምልክት፦ ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ግን ይመራል

ጎመን ከሰናፍጭ ጋር ዘመድ ነው። ድኝ ያለባቸው መራራ ንጥረ ነገሮች አሉት። ጥሬውን ስትከትፉት ከራሱ ኢንዛይም ጋር ይገናኙና የሚሰነፍጥ ጣዕም ይፈጥራሉ። ማታ ከትፎ ለነገ ማሳደር የሚጎዳው ለዚህ ነው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፣ ከመራራውም ብዙውን ያወጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀቅሉ፣ ከዚያ ክተፉ። የመጀመሪያውን ውሃ ድፉት። አሁንም ከመረረ መጀመሪያ ጨው ጨምሩና ቅመሱ። ስኳር አይደለም፣ ጨው! ጨው ምሬትን ያዳክማል፤ ዘይትም ያለዝበዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ከመረረ ነጭ ሽንኩርቱን እዩት። ቡናማ ሆኖ ካረረ ምሬቱ የእሱ ነው፤ ጎመኑን አትውቀሱት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ቤቱን የሚያውደው መጥፎ ሽታ ከልክ በላይ ከመቀቀል ነው፤ ሰዓት ያዙ።

ብረት ድስት ውስጥ ከጠቆረ ድስቱን ቀይሩ።

ቆስጣ ጥርስን ሸካራ ካደረገ ኦክሳሊክ አሲድ ነው። 2 ደቂቃ ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት።