ሕፃን ብቻውን እንዲተኛ ስናስለምድ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ትቶ መውጣት ወይስ አጠገቡ መቆየት?

ሕፃኑ ካልታቀፈ አይተኛም። ጡት ከአፉ ሲወጣ ይባንናል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይነሳል። እዚህ የደረሱ ወላጆች ምክር ሲጠይቁ ሁለት ጎራ ይገጥማቸዋል። አንዱ «ተዪው፣ አልቅሶ ይተኛል» ይላል። ሌላው «እንዴት ልጅ እያለቀሰ ይተዋል? ቀስ አድርጋችሁ አስለምዱት» ይላል። ሁለቱም ወገን ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ራሱ ልጅ ነው። የእናንተ ልጅ ግን የራሱ ፀባይ አለው። ስህተቶቹም በብዛት የሚመጡት ከዚህ ነው።

ስህተት 1፦ ዘዴውን በስሙ መምረጥ

መጀመሪያ ዘዴዎቹን እንለያቸው። ሙሉ በሙሉ መተው ማለት ሕፃኑን ነቅቶ ሳለ አልጋው ላይ አስተኝቶ፣ ደህና እደር ብሎ መውጣት ነው። ከዚያ እስከ ጠዋት ወይም አስቀድሞ እስከተወሰነ የጡት ሰዓት ድረስ ለለቅሶው ተብሎ አይገባም። ሁለተኛው እየገቡ ማየት ነው። ከ3 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያ ከ5፣ ከዚያ በየ10 ደቂቃው ለአጭር ጊዜ ገብቶ፣ በድምፅ አረጋግቶ መውጣት ማለት ነው። ሦስተኛው አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ እስኪተኛ መቀመጥ፣ ወንበሩንም በየሁለት ሦስት ሌሊቱ ወደ በሩ ማራቅ ነው። አራተኛው የመኝታ ሰዓቱን ማዘግየት ነው፤ እሱን ዝቅ ብዬ በደንብ እመለስበታለሁ።

የሁሉም ግብ አንድ ነው። ሕፃናት ሌሊት በየአንድ ሰዓቱ ገደማ እንቅልፋቸው ይሳሳል። ሲተኛ ታቅፎ ከነበረ፣ ሲነቃም እቅፉን ይፈልጋል። ምሽት ላይ አልጋው ላይ ራሱ ከተኛ ግን ሌሊት ገልበጥ ብሎ ይቀጥላል።

እንግዲህ «ለስላሳ» የሚባሉት ለቅሶ የሌለባቸው ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ሲተው ለቅሶው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ነው፤ ከዚያ በፍጥነት ይቀንሳል። በወንበሩ ዘዴ ለቅሶው ሳሳ ብሎ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የቱ ደግ ነው?» ሳይሆን «ይሄ ልጅ አጠገቡ ሆኜ ስረዳው ይረጋጋል ወይስ ይብስበታል?» የሚለው ነው።

«ልጄን እጎዳው ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ተገቢ ነው፤ በጥናትም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት በሕፃንነታቸው በሁለት ዘዴዎች የተረዱ ልጆችን 6 ዓመት አካባቢ ሲሞላቸው አያቸው። ዘዴዎቹ እየገቡ ማየትና አጠገብ መቀመጥ ነበሩ። በስሜታቸውም፣ በባህሪያቸውም፣ ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ቅርበትም ካልተረዱት አልተለዩም። በ2016 የወጣ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት 43 ሕፃናትን በሦስት ቡድን ከፍሎ እየገቡ ማየትንና የመኝታ ሰዓት ማዘግየትን ሁለቱንም ካልተከተለ ቡድን ጋር አነጻጸረ። በሁለቱም ዘዴዎች ሕፃናቱ ቶሎ መተኛት ጀመሩ። ከዓመት በኋላም ከወላጅ ጋር ባላቸው ትስስር ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መተውንም አልፈተነም። ቢሆንም አንዱን ዘዴ የፍቅር፣ ሌላውን የጭካኔ አድርጎ ማየት ከጥናቶቹ አይወጣም።

ስህተት 2፦ ሰዓቱን ሳያስተካክሉ ዘዴ መጀመር

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እንቅልፉ ያልመጣ ሕፃን በየትኛውም ዘዴ ያለቅሳል። ወላጅም «ይሄ ዘዴ ለልጄ አልሆነም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው።

አንዲት የ8 ወር ሕፃን እንውሰድ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ትነሳለች። የመጨረሻው የቀን እንቅልፏ የሚያበቃው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወላጆቿ ማታ 1 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ያስገቧታል። ታለቅሳለች፤ ያነሷታል፣ ይወዘውዟታል፣ መልሰው ያስቀምጧታል፤ እንደገና ታለቅሳለች። በመጨረሻ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ትተኛለች። በየምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ትግል ማለት ነው።

ቁጥሮቹን እዩዋቸው። 1 ሰዓት ላይ ስትገባ ከነቃች ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሕፃናት ማታ ለመተኛት ሦስት ሰዓት ገደማ ነቅተው መቆየት ይፈልጋሉ። እሷም ሁልጊዜ የምትተኛው ልክ ሦስት ሰዓት ሲሞላት ነው። ወላጆቿ እምቢተኛ ናት ይላሉ እንጂ ልጅቷ ሰዓቷን አክባሪ ናት።

የመኝታ ሰዓት ማዘግየት የሚጠቅመው እዚህ ነው። አምስት ቀን ያህል የምትተኛበትን ትክክለኛ ሰዓት ጻፉ፤ አልጋ የገባችበትን ሳይሆን ዓይኗ የተከደነበትን። አማካዩ 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ አዲሱ የመኝታ ሰዓት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ማጥባቱን፣ ገላዋን ማጠቡን፣ ልብስ መቀየሩን 2 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ጡቱ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ ጡት ላይ እንዳትተኛ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነቅታ ሳለ አስተኟት። ጠዋት ደግሞ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንቋት። ጠዋት ላይ ከተራዘመ ሁሉም ይፈርሳል።

በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ምሽት በተከታታይ ከተኛች፣ ሰዓቱን በ15 ደቂቃ ቀደም አድርጉት፤ 2 ሰዓት ከሩብ ይሁን። የማታውን ሰዓት ስታስቀድሙ የመጨረሻውን የቀን እንቅልፍም በዚያው ልክ ቀደም ብላችሁ አቋርጡ። እንደገና ከ20 ደቂቃ በላይ መውሰድ ከጀመረች ቁሙ፤ ልኳ እዚያ ነው። ከ4 እስከ 12 ወር ላሉ ሕፃናት የሚመከረው እንቅልፍ የቀኑን ጨምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ነው። እሷ ሌሊት አሥር፣ ቀን ሦስት ከተኛች በቂዋ ነው። ልጅ ሁሉ 1 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት የሚል ሕግ የለም።

እንዲህ የተስተካከለች ልጅ አንዳንዴ ሌላ ዘዴ ጨርሶ አያስፈልጋትም። ካስፈለጋትም ለቅሶው አጭር ይሆናል።

ስህተት 3፦ እየገቡ ማየት ምን እያመጣ እንደሆነ አለማስተዋል

እየገቡ ማየት መካከለኛው መንገድ ስለሚመስል ብዙ ሰው እሱን ይይዛል። አንዳንድ ሕፃን በእርግጥ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ረገብ ይላል። ሌላው ግን እናቱ ገብታ በወጣች ቁጥር አዲስ ለቅሶ ይጀምራል። ለሱ መለየቱ አንዴ ሳይሆን ስድስት ሰባቴ ሆነበት።

ለማወቅ ቀላል ነው። ከመግባታችሁ በፊት ያለውን ለቅሶ ስሙት፤ ከወጣችሁ በኋላም ሁለት ደቂቃ ያህል ስሙት። ከበፊቱ ቀንሶ ከሆነ ቀጥሉበት። እያጉረመረመ የነበረው ልጅ እናንተ ስትወጡ እሪ ካለ፣ ሦስት አራት ጊዜም እንዲሁ ከሆነ፣ ጉብኝቱ እየጎዳው ነው። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ሙሉ በሙሉ መተው፣ ወይ ጨርሶ ሳይወጡ አጠገቡ መቀመጥ። «ለስላሳ ይሁን» ብሎ በየ3 ደቂቃው መግባት ለዚህ ልጅ ከሁለቱም የከፋ ነው።

ወንበሩ የሚስማማው መለየት ለሚከብደው፣ እጅ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ለሚረጋጋ ልጅ ነው። ከእናንተ ጋር በአንድ ክፍል ለሚተኛ ሕፃንም ይሻላል፤ ትታችሁት የምትወጡበት ሌላ ክፍል የለምና። ግን ሰው ሲያይ ጨዋታ የሚያምረው፣ ቆሞ አልጋውን የሚነቀንቅ ልጅ ካላችሁ፣ ወንበር ላይ ያለ ወላጅ ለሱ መዝናኛ ነው።

ስህተት 4፦ 40 ደቂቃ አስለቅሶ ማንሳት

ሙሉ በሙሉ ለመተው ወስነው፣ 40 ደቂቃ ታግሠው፣ ከዚያ አንጀታቸው ሲንሰፈሰፍ ሮጠው አንስተው ጡት የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ስሜቱ ይገባኛል። ሕፃኑ የሚማረው ግን አንድ ነገር ነው፦ 40 ደቂቃ ካለቀስኩ ይመጣሉ። በሚቀጥለው ቀን ቶሎ የሚተውበት ምክንያት የለውም። አንዳንዴ እየገቡ፣ አንዳንዴ እየተዉ የሚሄድ ቤት ለቅሶውን ያረዝመዋል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ለቅሶው ከቀነሰ በኋላ፣ ከቀናት በኋላ ድንገት አንድ ምሽት ተመልሶ ሊብስ ይችላል። የለመደው ነገር ሲቀር ልጁ ጠንከር አድርጎ መሞከሩ ነው። ትኩሳት ወይም ሕመም አለመኖሩን አይታችሁ በያዛችሁት ከቀጠላችሁ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ምሽት ያልፋል። ያን ምሽት «አልሠራም» ብሎ ማቆም የቀደመውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ለቅሶ መስማት የማትችሉ ከሆነ ሙሉ በሙሉ መተውን አትምረጡ። ከወንበሩ ጀምሩ። የወላጅ አቅምም ከልጁ ፀባይ እኩል የምርጫው አካል ነው። ማንሳታችሁ ካልቀረም በ2ኛው ደቂቃ አንሱት እንጂ እስከ 40ኛው አትጠብቁ።

ስህተት 5፦ ረሃብን ከልማድ ጋር ማምታታት

እንቅልፍ ማስለመድ የሌሊት ጡት መከልከል አይደለም። የ6 ወር ሕፃን ሌሊት አንዴ ሊርበው ይችላል። መፍትሔው ጡቱን በሰዓት መወሰን ነው። ለምሳሌ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ በመጀመሪያ ሲነቃ ታጠባላችሁ፤ በሌላ ጊዜ ሲነቃ ግን የመረጣችሁትን ዘዴ ትከተላላችሁ። አጥብታችሁም ሳይተኛ መልሱት። በደንብ ጎትቶ የሚጠባ ልጅ ርቦታል። ሁለቴ ስቦ የሚያሸልበው ጡቱን የሚፈልገው ለእንቅልፍ ነው።

ስህተት 6፦ ጊዜው ሳይደርስ መጀመር

ከ4 ወር በታች ላለ ሕፃን ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱም አይሆንም፤ ብዙዎች እስከ 6 ወር መጠበቅን ይመርጣሉ። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ በደንብ የማይጨምር፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋ ወይም ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሕፃን ካላችሁ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሲታመምም አቁሙ፤ ሲሻለው ከመጀመሪያው ሌሊት ትጀምራላችሁ። በየትኛውም ዘዴ ሕፃኑ በጀርባው፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ልል ብርድ ልብስ ይተኛ። ሙሉ በሙሉ መተውም ቢሆን አለማየት ማለት አይደለም፤ በካሜራ ወይም በበሩ ስንጥቅ ማየት ትችላላችሁ። ካስመለሰ ገብታችሁ አጽዱት፤ ለቅሶው ከወትሮው የተለየ ከሆነም ገብታችሁ እዩት።