ገዢው የቆረጠው ቫውቸር ከወተት አቅራቢው ደብተር ጋር አልገናኝ ሲል

በሱሉልታና በዙሪያዋ ወተት ለሚሰበስቡ ድርጅቶች ሂሳብ ስሠራ ደጋግሞ የሚመጣብኝ አቤቱታ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ ወተቴ ጎድሏል።» ላም አርቢው የራሱ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ገዢው በየአስራ አምስት ቀኑ የግዢ ቫውቸር ይቆርጥለታል፣ ያስፈርመዋል፣ ይከፍለዋል። ሻጩ ምን ያህል እንደሸጠ የሚመሰክረው ወረቀት የሚዘጋጀው በገዢው ሚዛንና በገዢው ስሌት ነው። ሻጩ የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ስህተቱ ከየት እንደገባ ማወቅ አይችልም። ፈልጎ ማግኘት የእኛ ሥራ ነው።

የቫውቸሩ ጥራዝ በፈቃድ የታተመ መሆኑን፣ ተከታታይ ቁጥሩ አለመዘለሉን፣ ድምሩ ትክክል መሆኑን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ከድምሩ በፊት የልዩነቱን መልክ ማየት

የአቅራቢውን ደብተርና የመረከቢያውን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጡና የአስራ አምስቱን ቀን ልዩነት በየቀኑ ጻፉ። ብዙ ሰው ድምሩን ከድምሩ ጋር ብቻ አስተያይቶ ይከራከራል፤ ድምር ግን ምክንያቱን ይደብቃል። ልዩነቱ በየቀኑ ከመጣው ወተት ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ማለትም ብዙ በመጣበት ቀን ብዙ፣ ትንሽ በመጣበት ቀን ትንሽ ከጎደለ፣ ችግሩ የመለኪያ ነው። የወተቱ መጠን ቢለያይም ልዩነቱ በየርክክቡ ያው ከሆነ የዕቃው ክብደት በትክክል አልተቀነሰም። አንድ ቀን ሙሉ ርክክቡ ጠፍቶ ሌላው ቀን ሁሉ ከተገናኘ ደግሞ ተመላሽ የሆነ ወተት አለ።

ልዩነቱ ሦስት በመቶ ገደማ ሲሆን፦ ኪሎና ሊትር

እኔ ካየኋቸው አቤቱታዎች አብዛኞቹ እዚህ ያልቃሉ። አርቢው ቤቱ በሊትር ሰፍሮ ያመጣል፣ ዋጋውም የተነጋገረው በሊትር ነው። መረከቢያው ላይ ያለው ሚዛን ግን በኪሎ ይመዝናል። የላም ወተት ከውሃ ትንሽ ይከብዳል፤ አንድ ሊትሩ 1.03 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ሚዛኑ ያሳየው ኪሎ ለ1.03 ተካፍሎ ወደ ሊትር መለወጥ አለበት። ማካፈሉ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የሚመጣው ሁለት ጊዜ ሲካፈል ወይም ጨርሶ ሲረሳ ነው።

አንዲት እናት የአስራ አምስት ቀን ሂሳባቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው በየቀኑ የጻፈችበት የትምህርት ቤት ደብተር 412 ሊትር ይላል። ቫውቸሩ ላይ የተጻፈው 400 ሊትር ነው። ሊትሩን በ60 ብር ብናሰላው 12 ሊትር ማለት 720 ብር ነው። ጸሐፊው «ደብተር የልጅ ነው፣ ሚዛን አይዋሽም» ብሎ መልሷቸው ነበር። የሚዛኑን ወረቀቶች አውጥቼ ደመርኳቸው፤ 424 ኪሎ ከጥቂት ግራም ሆኑ። ለ1.03 ሲካፈል 412 ሊትር ይሰጣል። ልክ የልጅቷ ቁጥር። ታዲያ 400ው ከየት መጣ? 412ን እንደገና ለ1.03 አካፍሉት፤ ልክ 400 ይሆናል።

የሆነው እንዲህ ነው። ጠዋት የሚረከበው ሠራተኛ ኪሎውን ከሚዛን አንብቦ፣ እዚያው በስልኩ አካፍሎ፣ ሊትሩን መዝገቡ ላይ ይጽፋል። የመዝገቡ ዓምድ ርዕስ ግን ድሮ እንደታተመ «ኪሎ» ይላል። ቢሮ ያለው ጸሐፊ ርዕሱን አምኖ እንደገና አካፈለ። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል የሠሩ መስሏቸዋል። ስሌቱን ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ቢሮም ከዚህ አያመልጥም፤ ቀመሩ አንድ ጊዜ ከገባ በየሳምንቱ ያለ ማንም እጅ ያካፍላል።

ተቃራኒው ስህተት ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ ይብሳል። ማካፈሉ ከተረሳና 424 ኪሎው እንደ 424 ሊትር ከተጻፈ ማንም አቅራቢ «በዛልኝ» ብሎ አይመጣም። የሚታወቀው ከወተት ማቀዝቀዣው ታንክ ነው። በቫውቸር የተገዛው ሊትር በታንክ ከተለካው ሊትር በየወሩ ሦስት በመቶ ገደማ ከበለጠ፣ ሠራተኛ ሰረቀ ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የመዝገቡን ዓምድ እዩ። አንድ ቦታ በዚህ ምክንያት ተጠርጥሮ ከሥራ የታገደ የሌሊት ጥበቃ አውቃለሁ። ወተቱ ግን መጀመሪያውኑ አልነበረም፤ የነበረው በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

መፍትሄው ቫውቸሩ ላይ ሦስቱንም ቁጥር መጻፍ ነው፦ የተጣራ ኪሎ፣ ማካፈያ፣ ሊትር። በዚያች እናት ቫውቸር ላይ አሁን እንዲህ ይጻፋል፤

```
424.36 ÷ 1.03 = 412.00
```

ይህ መስመር ካለ ማንበብ የሚችል የጎረቤት ልጅ በስልክ የሂሳብ ማሽን ሊያረጋግጠው ይችላል። መረከቢያው መዝገብ ላይ ደግሞ ከሚዛን የተነበበው ኪሎ ብቻ ይጻፍ። ማካፈል የቢሮ ሥራ ይሁን። መረከቢያው ላይ ስልክ አውጥቶ ማካፈልን ከልክሉ፤ ለአቅራቢው ደግነት መስሎት የሚያደርገው ሠራተኛ አለ፣ ግን በደግነቱ ነው ሂሳቡ የሚበላሸው።

ማካፈያው በመካከላችሁ ባለው የጽሑፍ ስምምነት ላይ ይግባና አይነካካ። የወተት ጥግግት ከላም ላምና ከቀን ቀን ትንሽ ስለሚለያይ፣ በላክቶሜትር የተነበበውን በየዕለቱ እንደ ማካፈያ የሚወስዱ አሉ። ይህን አታድርጉ። በ424 ኪሎ ላይ በ1.028 እና በ1.032 መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም፤ የሚያስነሳው ጭቅጭቅ ግን ማለቂያ የለውም። ላክቶሜትር ውሃ የተጨመረበትን ወተት ለመለየት ነው የተሠራው። ወተቱን ለመቀበል ወይም ለመመለስ ተጠቀሙበት እንጂ ለክፍያ አታድርጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ለአቅራቢው በትዕግሥት ማስረዳት ያስፈልጋል። ታልቦ ወዲያው የተሰፈረ ወተት አረፋ አለው፣ አረፋው በመስፈሪያው ውስጥ ሊትር መስሎ ይቆጠራል። ልዩነቱ የሚወጣና የሚወርድ፣ ሁልጊዜ ግን የአቅራቢው ደብተር የሚበልጥበት ከሆነ ይህን ጠይቁ። አረፋው እስኪወርድ ጠብቀው እፊታቸው አንድ ጊዜ ብትሰፍሩላቸው ከመቶ ቃል ይሻላል።

በየርክክቡ ያው ግራም ሲጎድል

የቢዶኑ ክብደት ነው። ባዶውን ሲመዝኑ ከነክዳኑ፣ ሙሉውን ሲመዝኑ ያለ ክዳኑ ከሆነ የክዳኑ ክብደት በየቀኑ ከአርቢው ይቀነሳል። በየጀሪካኑና በየቢዶኑ ላይ ባዶ ክብደቱን በማይለቅ ቀለም ጻፉ፣ ሲሰበርና ሲለወጥ እንደገና መዝኑ። ርካሽ የእጅ ሚዛን ይዞ በየበሩ የሚዞር ሰብሳቢ ካላችሁ ግን ከቢዶኑ በፊት ሚዛኑን ተጠራጠሩ፤ የታወቀ ክብደት በየጠዋቱ ስቀሉበት።

የአንድ ቀን ሙሉ ርክክብ ሲጠፋ

ወተቱ ተመዝኖ ከገባ በኋላ በምርመራ ወድቆ ተመልሷል። አርቢው ያመጣውን ጽፏል፣ ቢሮው የተቀበለውን። መመለሱን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ወተቱን ያመጣው ልጅ ነው፣ ቤት ሲደርስ አይናገርም። የመመለሻ ወረቀት በዕለቱ ካልተሰጠና ቁጥሩ ቫውቸሩ ላይ ካልተጠቀሰ በአስራ አምስተኛው ቀን ማንም አያስታውስም።

የጳጉሜን ወተትም እንዲሁ ይጠፋል። ከነሐሴ 16 እስከ 30 አንድ ቫውቸር፣ ከመስከረም 1 እስከ 15 ሌላ ቫውቸር ይቆረጥና በመሃል ያሉት አምስት ወይም ስድስት ቀናት ይዘለላሉ። በአሥራ ሁለት ወር የተሠራ የኮምፒውተር ቅጽ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ።

ወጪው ከወተቱ ሲበልጥ፦ ሁለት ወረቀት ለአንድ ወተት

ይህ የሚያጋጥመው ከማኅበር ወይም ንግድ ፈቃድ ካወጣ ሰብሳቢ ስትገዙ ነው። እናንተ በየአስራ አምስት ቀኑ ቫውቸር ትቆርጣላችሁ፣ እነሱ ደግሞ በወሩ መጨረሻ የራሳቸውን ደረሰኝ ያመጣሉ፣ ሁለቱም መዝገብ ይገባል። ድግግሞሽን በገንዘብ መጠን የሚፈልግ ሂሳብ ሠራተኛ አያገኘውም፤ ሁለት የግማሽ ወር ቫውቸርና አንድ የወር ደረሰኝ በቁጥር አይመሳሰሉም። በአቅራቢው ስም ለይታችሁ የወሩን ሊትር ከመረከቢያው መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ እጥፍ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ደረሰኝ የሚሰጥ አቅራቢ ላይ ቫውቸር አይቆረጥም፤ ቫውቸር ደረሰኝ ለሌለው ነው። አቅራቢው መሃል ላይ ቢመዘገብ ቫውቸሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቁም፣ ቀኑም በጽሑፍ ይያዝ። ገዢ የሚያዘጋጀው ደረሰኝ ለተመዘገበ ነጋዴም በሚሠራበት አገር እንኳ ሕጉ ልቅ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የ2006ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ መመሪያ በአንቀጽ 224 አስቀድሞ ስምምነት እንዲኖርና ሻጩ እያንዳንዱን ደረሰኝ የሚቀበልበት ሥርዓት እንዲኖር ይጠይቃል። እኛ ዘንድም ለአርቢው ይህን ያህል ብናደርግ ብዙ አቤቱታ ባልመጣ።

ያልተመዘገበ አርቢ ቫውቸር ላይ 15 በመቶ ቫት የሚደምር ሶፍትዌር አጋጥሞኛል። ያጥፉት። አርቢው ያልሰበሰበውን ታክስ በስሙ መጻፍ ነው።

ያለቀና የተከፈለ ቫውቸር ማረም

መሰረዝ፣ መደለዝ፣ ቅጠሉን መቅደድ የለም። ገና ካልተከፈለ ሁሉም ቅጂ ከጥራዙ ሳይለይ «የተሰረዘ» ተብሎ ይጻፍበትና አዲስ ይቆረጥ። የተከፈለ ከሆነ ለልዩነቱ ብቻ ሌላ ቫውቸር ቁረጡና የመጀመሪያውን ቁጥርና ምክንያቱን ጻፉበት። ለዚያች እናት የሆነው ይህ ነው፤ 12 ሊትር፣ 720 ብር፣ «በማካፈል ስህተት ለጎደለ»። የበዛ ከተከፈለ ደግሞ ከሚቀጥለው ክፍያ ዝም ብላችሁ አትቀንሱ። ስሌቱን አሳዩ፣ ፈቃዳቸውን በፊርማ ወይም በአውራ ጣት ተቀበሉ፣ ትልቅ ከሆነ ከፋፍላችሁ ቀንሱ።

ፊርማው የሻጩ ይሁን። ወተቱን ያመጣው ልጅ የሚፈርመው መረከቢያው ላይ ነው፤ ቫውቸሩ ላይ የሚፈርመው መታወቂያው ከስምምነቱ ጋር የተያያዘው ሰው ነው። ከማስፈረማችሁ በፊት ኪሎውን፣ ማካፈያውንና ሊትሩን በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ያች እናት አሁን ስትመጣ ልጇን ይዛ ነው የምትመጣው፤ ልጅቷ ደብተሯን ትዘረጋለች፣ እኔ ቫውቸሩን አነባለሁ፣ ቁጥሩ ሲገናኝ አጠገቡ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች።